ድምሩን ትታችሁ ከላይ ጀምሩ፦ የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ሲነበብ የሚሠሩ ስህተቶች

የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ይዞ የሚመጣ ሰው ጣቱ ሁልጊዜ ታች፣ ድምሩ ላይ ነው። «ከፍዬ ጨርሻለሁ እኮ! ይሄ 13,230 ከየት መጣ?» ይላል።

ድምርን ከድምር ማስተያየት ዋናው ስህተት ነው። ስንቴ እንደተናገርኩት እንጃ። ድምሩ ልዩነት እንዳለ እንጂ ከየት እንደመጣ አይነግራችሁም። ግብር ያሳወቃችሁበትን ቅጽ አምጡና ከማስታወቂያው ጎን አስቀምጡት። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ውረዱ፦ ግብር የሚከፈልበት ገቢ፣ የተሰላው ግብር፣ በቅድሚያ የተቀነሰላችሁ፣ የከፈላችሁት፣ ቅጣት፣ ወለድ። ቁጥሮቹ መጀመሪያ የተለያዩበት መስመር ላይ ቁሙ። ከሱ በታች ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከዚያው የተወለደ ነው።

አንድ ደንበኛዬ «ገቢዬን ቆልለውብኛል» ብሎ ቅሬታውን ጽፎ ጨርሶ መጣ። መስመር በመስመር አየነው። ገቢው ያው 300,000፣ ግብሩም ያው 60,000 ነው። በራሱ እጅ የከፈለው 42,000ም ተመዝግቧል። ልዩነቱ የጀመረው ተቀናሹ ላይ ነው፤ እሱ 18,000 ብሏል፣ ማስታወቂያው 6,000። የጎደለው 12,000 ሆነ። በዚያ ላይ 600 ቅጣትና 630 ወለድ ተጨመረ፤ 13,230 ሞላ።

ገቢውን የነካው የለም። ለሥራው ገንዘብ ሲከፍለው ግብሩን ቀንሶ ያስቀረለት አንዱ ከፋይ ሪፖርት ሲያደርግ የደንበኛዬን የግብር ከፋይ ቁጥር አንድ አሃዝ አሳስቶ ነበር። ገንዘቡ ገብቷል፣ የገባው ግን በሌላ ሰው ስም ነው። ስለ ገቢ የተጻፈው ቅሬታ ምን ይሠራል? የሚያስፈልገው የተቀናሽ ደረሰኙና ከፋዩ የሚያስገባው እርማት ነው።

ልዩነቱ የጀመረው ገቢው ላይ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር። ያኔ ምናልባት ውድቅ የተደረገ ወጪ አለ፤ የማብራሪያውን ገጽ ፈልጉ። ማንም አያነበውም እንጂ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል።

ስህተቱ ፍሬ ግብሩ ላይ ከሆነ ቅጣትና ወለድን ለብቻ መከራከርም ከንቱ ድካም ነው። ፍሬ ግብሩ ሲነሳ በሱ ላይ የተሰሉት አብረው ይነሳሉ።

«ትንሽ ነው፣ ከፍዬ ልገላገል» የሚሉም አሉ። የተሳሳተው መዝገብ ግን እንዳለ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ዓመት ተቀናሽም በዚያው በተሳሳተ ቁጥር ሊገባ ይችላል።

የመጨረሻውን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ ስልክ ደወልኩ፣ አንድ ሠራተኛ «እናየዋለን» አለኝ፣ እኔም ቅሬታ ያቀረብኩ መሰለኝ። ቀኑ አለፈ። በጽሑፍ ያልገባ፣ የተቀባይ ማህተም ያላረፈበት ቅሬታ የለም አሉኝ። አሁን ማስታወቂያ ሲደርሰኝ ከገንዘቡ በፊት የማየው የቅሬታ ማቅረቢያውን ቀነ ገደብ ነው። ቀኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠርም አያለሁ፤ ወረቀቱ ከተጻፈበት ነው ወይስ እጄ ከገባበት?