የጥምቀት ቪዲዮዬን ከቅጂ መብት ጥያቄ እንዴት እንዳወጣሁት

በጎንደር በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የቀረጽሁትን የ11 ደቂቃ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ እንደጫንሁ ሁለት የቅጂ መብት ጥያቄዎች መጡበት። የመጀመሪያው መግቢያው ላይ ከኢንተርኔት አውርጄ ባስገባሁት ዜማ ምክንያት ነበር። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ባለቤት የለውም ብዬ ነበር፤ ይህ ለዜማው እውነት ቢሆንም፣ ዜማውን ቀርጾ ያሳተመው ሰው በቅጂው ላይ የራሱ መብት እንዳለው አላሰብሁም። ሁለተኛው ግን ያልጠበቅሁት ነው፤ ከ4:10 እስከ 4:52 ባለው ክፍል ውስጥ ከሩቅ ድምፅ ማጉያ የሚሰማ የታተመ መዝሙር ገብቶ ነበር።

ለሁለተኛው በዩቲዩብ ስቱዲዮ `Erase song` የሚለውን ሞከርሁ፤ መዝሙሩን ቢያጠፋውም እልልታውን አብሮ ስለዋጠው ተውሁት። ከዚያ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄጄ የጥምቀትን ዜማ እንዲያዜሙልኝ ለመንኋቸው። «ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቶሎ ና፤ ከገባ ከበሮውም ጸናጽሉም አይነሣም» አሉኝ። በስልኬ ቀረጽሁ፤ ቅጂውን እንድጠቀምበት መፍቀዳቸውንም በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ አስፈረምሁ።

ዩቲዩብ በተጫነ ቪዲዮ ላይ የራስን ድምፅ ስለማያስገባ፣ መግቢያውንና የ42 ሰከንዱን ክፍል በስልኬ ማቀናበሪያ በአዲሱ ቅጂ ተክቼ ከእንደገና ጫንሁት። በዚህ ጊዜ ወዲያው ሳላወጣው `Private` አድርጌ የ`Checks` ገጹን ጠበቅሁ፤ ምንም ጥያቄ አለመምጣቱን ካየሁ በኋላ ለሕዝብ ከፈትሁት።