ለጉድጓድ ፓምፕ ረጅም ኬብል ሲዘረጋ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለ 7.5 ኪሎዋት፣ ባለ 400 ቮልት ስሪ ፌዝ የጉድጓድ ሞተር እንውሰድ። በሙሉ ጭነት 18 አምፔር ይስባል። ከፓነሉ እስከ ጉድጓዱ አፍ 220 ሜትር ነው፤ ፓምፑ ደግሞ ከዚያ 120 ሜትር ታች ተንጠልጥሏል።

ኬብልን በአምፔር ብቻ መምረጥ

የአምፔር ሰንጠረዥ የሚነግረን ኬብሉ ከልክ በላይ ሳይግል ምን ያህል እንደሚሸከም ነው። ሞተሩ ዘንድ ስንት ቮልት እንደሚደርስ አይናገርም። ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ 18 አምፔርን አይፈራም፤ መንገድ ላይ የሚጠፋውን ቮልት ግን እናስላ፦

```
V = 1.73 × I × L × 0.0225 × cosφ / S
```

I አምፔሩ፣ L የአንድ መንገድ ርዝመት በሜትር፣ cosφ የሞተሩ ፓወር ፋክተር፣ S የሽቦው ስፋት በሚሊ ሜትር ካሬ፣ 0.0225 ደግሞ የጋለ መዳብ ተቃውሞ ነው። cosφ 0.85 ቢሆን በ340 ሜትር 51 ቮልት ይጠፋል፤ ከ12 በመቶ በላይ ማለት ነው። በኬብል ላይ ከ3 እስከ 5 በመቶ እንዳያልፍ ነው የሚፈለገው። (ሲንግል ፌዝ ከሆነ በ1.73 ፈንታ 2 ይግባ።)

ቆጠራውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ማቆም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እስከ አፉ ባለ 10 ዘርግቶ 13 ቮልት ብቻ ጠፋ ብሎ ይደሰታል። ከፓምፑ ጋር የመጣው ባለ 4 ኬብል ግን በ120 ሜትር ብቻ ሌላ 18 ቮልት ይበላል፤ ድምሩ 31 ቮልት፣ ወደ 8 በመቶ። ሁለቱን ለየብቻ አስልቶ መደመር ያስፈልጋል። ላይ ባለ 16፣ ታች ባለ 10 ቢደረግ 15 ቮልት ገደማ ይሆናል። ታች ያለውን ከማወፈርዎ በፊት ግን በፓምፑና በኬሲንጉ መካከል ያለው ክፍተት እንደሚበቃው ይለኩ።

ሞተሩ ቆሞ መለካት

ከረንት ካልፈሰሰ የሚጠፋ ቮልት የለም፤ ቴስተሩ 400 ያሳይና ያታልላል። ፓምፑ ውሃ እየገፋ ሳለ ፓነሉና ጉድጓዱ አፍ ላይ ይለኩ። ፓነሉ ራሱ ከወረደ ችግሩ ኬብሉ ብቻ አይደለም፤ ምንጩንም ይመልከቱ።

ኦቨርሎድ ሪሌውን ከፍ ማድረግ

ቮልቱ ሲወርድ ፓምፑ ያንኑ ሥራ ስለሚጠይቅ ሞተሩ ብዙ አምፔር ይስባል፤ 18 የነበረው ወደ 20 ይወጣና ሪሌው ይቆርጣል። ሪሌውን ወደ 22 ማዞር ቀላል ነው፤ የሚቃጠለው ግን መጠምጠሚያው ነው። ሲነሳ ደግሞ ይብሳል፦ የማዞር ጉልበት በቮልቱ ካሬ ስለሚቀንስ፣ ቮልቱ 70 በመቶ ከሆነ ጉልበቱ ግማሽ ብቻ ይቀራል። ሞተሩ ሳይነሳ ያጉረመርማል።

ከመወሰንዎ በፊት ሦስቱንም ፌዝ በክላምፕ ሜትር ይለኩ። ሦስቱም እኩል ከፍ ብለው ቮልቱ ዝቅ ካለ ኬብሉን ይጠርጥሩ። አንዱ ብቻ ከተለየ ግን መገጣጠሚያውን፣ መጠምጠሚያውን ወይም የምንጩን ፌዝ ይፈትሹ።