አንድን የሥራ መደብ ሁለት ሰዎች ሲጋሩ ደመወዝና ዕረፍት እንዴት ይሰላል?

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚከፈት አንድ መድኃኒት ቤት እንውሰድ። የፋርማሲስቱ መደብ በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራበት ሲሆን የወር ደመወዙ 20,000 ብር ነው። ባለቤቱ ቦታውን ለሁለት ሴቶች ሊያካፍል ተስማምቷል። አንዷ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ትሠራለች፤ ሌላዋ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ። ሁሉንም ነገር ለሁለት መክፈል በቂ ይመስላል። ችግሩ ግን አንዳንዱ ነገር በስህተት ሁለት ጊዜ ይቆረጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ መቆረጥ የለበትም።

መጀመሪያ ድርሻውን በሰዓት ያውጡ

ድርሻ ማለት የሠራተኛዋ ሳምንታዊ ሰዓት ለመደቡ ሙሉ ሰዓት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። እዚህ 24 ለ48፣ ማለትም ግማሽ ነው። በቀን ቁጥር አይስሉት፤ ቅዳሜ አጭር የሥራ ቀን በሆነበት ድርጅት ሦስት ቀን ከሦስት ቀን ጋር እኩል አይሆንም።

የርክክብ ሰዓትም አይረሳ። ሐሙስ የምትገባዋ ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ቀድማ መጥታ መዝገብና ቁልፍ የምትረከብ ከሆነ የእሷ ሳምንት 25 ሰዓት ነው። ደመወዟም 20,000 በ25 ተባዝቶ ለ48 ሲካፈል 10,416 ብር ከ67 ሳንቲም ይሆናል። ያቺ አንድ ሰዓት ያለ ክፍያ ስትቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ የቅሬታ መጀመሪያም እሷው ናት። ለማቅለል ግን ከዚህ በኋላ ርክክቡ በደብተር ነው፣ ሁለቱም 24 ሰዓት ይሠራሉ ብለን እንቀጥል። እያንዳንዷ 10,000 ብር ታገኛለች።

የቀን ሒሳብ ሲመጣ አካፋዩን ይጠብቁ

ሰኞ የምትገባዋ አንድ ቀን ያለ ክፍያ ቀረች እንበል። ስንት ይቀነሳል? በስድስት ቀን ሳምንት የሚሠራ ሙሉ ሠራተኛ በወር በአማካይ 26 የሥራ ቀን አለው ተብሎ ይሰላል፤ የእሷ 13 ነው። ስለዚህ 10,000 ለ13 ሲካፈል 769 ብር ከ23 ሳንቲም ይወጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ 20,000 ለ26 ቢካፈልም ያው ቁጥር ይመጣል፣ ምክንያቱም የአንድ ሙሉ ቀን ዋጋ ለማንም ሠራተኛ አንድ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ከልማድ 10,000ን ለ26 ወይም ለ30 ካካፈለ ድርጅቱ ይጎዳል። በዚያው ስሌት ተጨማሪ ቀን ስትሠራ ከተከፈላት ደግሞ እሷ ትጎዳለች።

የተጣራውን ለሁለት አይክፈሉ

ግማሽ ማድረግ የሚገባው ያልተጣራውን ደመወዝ ብቻ ነው። የሥራ ግብር ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ስለሆነ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ማስከፈያ 20,000 ብር 4,950 ብር ግብር ሲኖርበት 10,000 ብር ግን 1,650 ብር ብቻ ነው ያለበት። ከዚያ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ፣ 7 በመቶ፣ ይቀነሳል። ሙሉ ሠራተኛ 13,650 ብር ወደ ቤት ሲወስድ ተጋሪዋ 7,650 ብር ትወስዳለች፤ ከግማሹ በ825 ብር ይበልጣል። ድርጅቱ 11 በመቶውን ለእያንዳንዷ በ10,000 ላይ ያዋጣል። ጡረታ በስተመጨረሻ የሚሰላው ከመውጫው በፊት ባሉት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ስለሆነ፣ ለጡረታ የቀረበ ሰው ሰዓቱን ከመቀነሱ በፊት ይህን ያስላ።

የዓመት ዕረፍት፦ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀነስ

ከሁሉም በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት ከ16 የሥራ ቀን ያላነሰ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨምር ዕረፍት ይሰጣል። 16 ቀን በስምንት ሰዓት ሲባዛ 128 ሰዓት ነው፤ የተጋሪዋ ድርሻ 64 ሰዓት፣ ማለትም ስምንት የራሷ የሥራ ቀን ይሆናል። ያነሰ ይመስላል እንጂ አላነሰም። ሙሉ ሠራተኛው 16 ቀኑን ሲጨርስ ሁለት ሳምንት ከአራት የሥራ ቀን ያርፋል፤ እሷም ስምንቱን ስትጨርስ ከሥራ የምትርቀው ያንኑ ያህል ሳምንት ነው።

በየቀኑ አራት ሰዓት የምትሠራ ቢሆን ኖሮ ግን ቀኖቹ 16 ሆነው ይቀራሉ፤ ያጠረው የእያንዳንዱ ቀን ርዝመት ነው። ቀኑም ቀንሶ፣ ለእያንዳንዱ ቀን የሚከፈለውም በግማሽ ቀን ከተያዘ ሩብ ዕረፍት ብቻ ይደርሳታል።

ሌላው ወጥመድ አዋጁ ለዕረፍት አገልግሎት ሲቆጠር 26 የሥራ ቀንን እንደ አንድ ወር የሚወስድበት ድንጋጌ ነው። በወር 13 ቀን የምትሠራን ሰው «ግማሽ ወር አገለገለች» ብሎ የአገልግሎት ዘመኗን ማሳጠር፣ ከዚያም ዕረፍቷን በድርሻ መቀነስ ያው ሁለት ጊዜ መቁረጥ ነው። አዋጁ ስለ መደብ መጋራት የተለየ ምዕራፍ ስለሌለው ውሉ ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ዕረፍቱ በሰዓት ስንት እንደሆነ፣ አገልግሎቱም በቅጥር ዘመን እንደሚቆጠር። ከ16 ቀን በታች የሚል ቃል ክርክር እንዳያስነሳ ውሉን ከመፈረም በፊት ለአካባቢው የሥራና ክህሎት ቢሮ ማሳየት ይበጃል።

የማይከፋፈሉት

የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ነው፤ አካል ግማሽ ቀን አያገግምም። የሕመም ፈቃድም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ወራቱ በቀን መቁጠሪያ ይሄዳሉ፤ «ሙሉ ደመወዝ» የሚባለው ግን የራሷ 10,000 ብር ነው።

አበልን በዓላማው ይመዝኑት። የትራንስፖርት አበል በምልልስ ልክ ነው፤ ሦስት ቀን ለምትመጣ ግማሽ፣ በየቀኑ ግማሽ ቀን ለምትሠራ ሙሉ። የቤት አበል በድርሻ ቢሆን ያስኬዳል።

በዓል ማን ላይ ወደቀ?

በወር የሚከፈላት ሠራተኛ በዓል በሥራ ቀኗ ስለዋለ ደመወዟ አይነካም። እንግዲህ በዓሉ በቀኗ የዋለላት አረፈች፣ ሌላዋ ግን ሙሉ ሳምንቷን ሠራች። እንደ ጥምቀትና አድዋ ያሉት የሚውሉበት ዕለት በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ደግሞ በሁለት ቀን ስለሚገፋ ልዩነቱ ከዓመት ዓመት ይቀያየራል። ስቅለት ብቻ ዓርብን አይለቅም፤ ሐሙስ የምትገባዋ ሁልጊዜ ታገኘዋለች።

መስከረም ላይ ተቀምጠው ይቁጠሩ። በዓመቱ በሥራ ቀን የሚውሉ በዓላት አሥር ቢሆኑና ስድስቱ በአንዷ፣ አራቱ በሌላዋ ቀን ቢወድቁ፣ የሁለቱም ድርሻ አምስት ነው። ለአነሰላት አንድ የዕረፍት ቀን ይጨመርላት፤ ከበለጠላት መንጠቅ ግን ከሕጉ ጋር ያጋጫል። ቀን መጨመር የከበደው ባለቤት በየስድስት ወሩ ቀናቸውን ያቀያይር። ኢድ አልፈጥርና ኢድ አልአድሐ በጨረቃ ስለሚወሰኑ ቆጠራው ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና ይታያል።