ካርዱን እመልሳለሁ፣ ፈተናው ላይ ግን ይጠፋኛል፦ ለሙያ ፈተና ለሚያጠኑ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ላይ ከፋብሪካና ከባንክ ሥራ ወጥተው ማታ ኤሲሲኤ ለሚባለው የሂሳብ ሙያ ፈተና ከሚያጠኑ ጓደኞቼ ጋር ብዙ ጊዜ እቀመጣለሁ። ቀን ሙሉ ሂሳብ ሲሠራ የዋለ ሰው በዚያ ብርድ ጋቢ ለብሶ እንደገና ደብተር ሲገልጥ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። አብዛኞቹ ፈተናዎች ደግሞ በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጡት። የማለፊያ ነጥቡ ከመቶ 50 ነው፣ ክፍያውም በፓውንድ ነው። ስለዚህ ያቺ አንድ የማታ ሰዓት ባክና ስትቀር ያንገበግባል።

አብዛኞቹ ሁለቱን ዘዴዎች ያውቋቸዋል። አንደኛው መጽሐፍ ዘግቶ ራስን እየጠየቁ ማጥናት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተማሩትን በአንድ ቀን ከመደጋገም ቀናቱን እያራራቁ መከለስ ነው። አንኪ የሚባለውን የካርድ መተግበሪያም ስልካቸው ላይ ጭነዋል። ችግሩ የሚመጣው አጠቃቀሙ ላይ ነው። ቅሬታዎቹም ከሰው ሰው ብዙም አይለያዩም።

"ሦስቴ አንብቤዋለሁ፣ በሳምንቱ ግን ምንም የለም"

ማስታወሻው ተነቧል፣ በቢጫ ተሰምሯል፣ ተደግሟል። ማታውኑ ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል። በሳምንቱ ስለ ፕሮቪዥን፣ ማለትም መጠኑ ወይም ጊዜው በትክክል ስላልታወቀ ዕዳ፣ "አይ ኤ ኤስ 37 በሚባለው የሂሳብ ደንብ ላይ ፕሮቪዥን ለመመዝገብ ምን ምን መሟላት አለበት?" ሲባል ከሦስቱ አንዱ ብቻ ትዝ ይላል።

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ደጋግመን ያየነውን ገጽ ዓይናችን ስለለመደው ያወቅነው ይመስለናል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይተዋል። ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ ውጤት አመጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አንብበው ያስታወሱትን እየጻፉ ራሳቸውን የፈተኑት በለጧቸው። የዚያን ማታ "ገብቶኛል" የሚል ስሜት የማይታመነው ለዚህ ነው። በመንዝም ሆነ በአንኮበር የአብነት ትምህርት ቤት ያየ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ተማሪው መምህሩ ፊት ቀርቦ የተማረውን በቃሉ ይላል እንጂ ገልጦ አያነብም።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ብቻ አንብቡና ዝጉ። ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ። ሲያቅታችሁ ቶሎ አትግለጡ፣ ትንሽ ታገሉት። ከዚያ ገልጣችሁ የቀረውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ካርድ የሚሠራው ያ በሌላ ቀለም የተጻፈው ነው። ገጹን ሁሉ ካርድ ላይ መገልበጥ አያስፈልግም።

ለምሳሌ ወጪው የመውጣት ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑንና መጠኑ በአስተማማኝ መገመት እንዳለበት ጽፋችኋል እንበል። ካለፈ ድርጊት የመነጨ ግዴታ መኖር እንዳለበት ግን ረስታችኋል። ካርዱ እንዲህ ይሁን፦ "ቦርዱ በሚቀጥለው ዓመት ማሽኑን ለማደስ ወስኗል። ዘንድሮ ፕሮቪዥን ይመዘገባል?" መልሱ አይመዘገብም ነው። ውሳኔው ብቻውን በማንም ዘንድ ግዴታ አይፈጥርም፤ ድርጅቱ ነገ ሐሳቡን መቀየር ይችላል።

"ካርዱ ተከምሮ ስልኩን መክፈት ፈራሁ"

ሸዋ ሮቢት ቅርንጫፍ የተመደበ አንድ ጓደኛዬ ለበዓል ቤተሰብ ጋር ሰንብቶ ሲመለስ ከ600 በላይ ካርድ ጠበቀው። በአንድ ማታ ሊጨርሰው ሞከረ፣ አልቻለም። በማግስቱ አልከፈተውም፣ ከዚያም ተወው።

ክምሩን ያመጣው በዓሉ ብቻ አይደለም። አንኪ ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድ እንዲያሳይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። በየቀኑ 20 አዲስ ካርድ የሚጨምር ሰው ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በቀን ወደ 200 ገደማ ክለሳ ይጠብቀዋል። ለአንድ የቋንቋ ቃል ጥቂት ሰከንድ ይበቃ ይሆናል። የሂሳብ ካርድ ግን አሰብ አድርጎ ለመመለስ 20 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ሰዓቱም ያለቀው ጥያቄ ሳይሠራ ነው።

መጀመሪያ `New cards/day` የሚለውን 0 አድርጉ። `Maximum reviews/day` የሚለውን ደግሞ የምትችሉትን ያህል፣ 100 አካባቢ ገድቡት። ክምሩ በየማታው ይቀንሳል። ጓደኛዬን ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጅቶበታል። ሲያልቅ አዲሱን ካርድ 8 ላይ መልሱት። በ8 ሂሳብ የቀኑ ክለሳ 80 አካባቢ ስለሚሆን ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ቀሪው ግማሽ ሰዓት ለጥያቄ መሥሪያ ይተርፋል። በ70 ቀን ደግሞ 560 ካርድ ይሆናል። ለአንድ የትምህርት ዓይነት፣ በደንብ ከተመረጠ፣ በቂ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው የቁልፍ ስህተት አለ። መልሱ ጠፍቶት ሳለ `Hard` የሚለውን ይጫናል፤ `Again` ማለት መውደቅ ስለሚመስለው ነው። አንኪ ግን `Hard` ሲባል "ከብዶታል፣ ግን መልሷል" ብሎ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ካርዱን ያርቀዋል። የማታውቁት ካርድ እየራቀ ይሄዳል፣ ተመልሶ ሲመጣም ጭራሽ ጠፍቶ ነው። ካልመለሳችሁ `Again` ነው፣ ሌላ የለም።

መብራት የሚጠፋበት ወይም ስልክ ላይ ማጥናት የማይመቸው ሰው በወረቀት ካርድና በአምስት ክፍል ሳጥን ይሥራ። የተመለሰው ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፣ የተሳሳተው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ ይታያል፣ የኋለኞቹ እየራቁ ይሄዳሉ።

"ካርዱን ጥርት አድርጌ እመልሳለሁ፣ ጥያቄው ላይ ግን ባዶ"

ከሁሉም የሚያናድደው ይሄኛው ነው፤ ሰውየው በትክክል ለፍቷልና። ፋብሪካ ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት የምትሠራ አንዲት ጓደኛችን የንብረት ዋጋ መውደቅ እንዴት እንደሚመዘገብ የሚደነግገውን አይ ኤ ኤስ 36ን በሚመለከት ያሏትን ካርዶች አንድም ሳትስት ትመልሳለች። የመለማመጃ ጥያቄ ስትሠራ ግን ከግማሽ በታች አመጣች። "ጋሼ፣ ካርዱ እኮ አይሳሳተኝም፤ ምን ነካኝ?" አለችኝ። "እስቲ አንዱን አሳይኝ" አልኳት።

የፊቱ "ሪከቨረብል አማውንት ምንድን ነው?" ይላል። የኋላው ከመጽሐፉ ቃል በቃል የተገለበጠ ትርጉም ነው፦ ከፌር ቫልዩ የመሸጫ ወጪ ተቀንሶ የሚገኘውና ቫልዩ ኢን ዩዝ ተነጻጽረው ከፍ ያለው። በቀላሉ፣ ንብረቱ ቢሸጥ ከሚገኘውና ሥራ ላይ ቢቆይ ከሚያስገኘው የበለጠው ማለት ነው። የፊቱን የመጀመሪያ ሁለት ቃል ስታይ መልሱ በአፏ ይመጣል። ማሰብ አያስፈልጋትም።

ምክንያቱም ይኸው ነው። ካርዱ የጠየቃት ትርጉሙን እንድትደግም ነው። ፈተናው የሚጠይቃት ግን የትኛው ደንብ እንደሚሠራ ራሷ እንድትለይና እንድትወስን ነው። ፈታኙ "ይህ የአይ ኤ ኤስ 36 ጥያቄ ነው" ብሎ አይነግራትም። በተጨማሪ ካርዶቿ በምዕራፍ ስለተለያዩ ገና ሳታነብ የምን ምዕራፍ እንደሆነ ታውቃለች። ግማሹ መልስ ከወዲሁ ተሰጥቷታል ማለት ነው።

አብረን እንዲህ ቀየርነው። አንድ ጉዳይ ጻፍን፦ የብርድ ልብስ ማሽን በመዝገብ ላይ 900,000 ብር አለው። ገበያ ላይ 700,000 ያወጣል፣ ለመንቀያና ለመሸጫ 40,000 ይወጣል። ሥራ ላይ ቢቆይ የሚያስገኘው ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ 720,000 ነው። ቀሪ ዕድሜው 6 ዓመት ነው፣ በመጨረሻ የሚተርፍ ዋጋ የለውም።

ከዚህ አንድ ጉዳይ አራት ትንንሽ ካርድ ወጣ። አንደኛው "የትኛውን ዋጋ ትወስጃለሽ፣ ለምን?" የሚል ነው። ቢሸጥ በእጅ የሚገባው 660,000፣ ሥራ ላይ ቢቆይ 720,000። ከፍ ያለው ይወሰዳል፣ ምክንያቱም ልቦናው ያለው ድርጅት የሚመርጠው የበለጠ የሚያስገኝለትን ነው። ይህች "ለምን" የምትል ቃል ካርዱ ላይ መኖሯ ትልቅ ነገር ነው። ደንቡ ከጠፋ በምክንያቱ በኩል ይገኛል። ሁለተኛው ኪሳራው ስንት ነው የሚል ነው፤ 180,000። ሦስተኛው ቁጥሩን ሳይለውጥ አንድ ነገር ይጨምራል፦ "በዚህ ማሽን ላይ ቀደም ሲል የተመዘገበ የ50,000 የሪቫልዩዌሽን ትርፍ ቢኖርስ?" ያኔ 50,000 መጀመሪያ ከዚያ ትርፍ ላይ ይቀነሳል፣ በዓመቱ ወጪነት የሚያዘው 130,000 ብቻ ይሆናል። አራተኛው የሚቀጥለው ዓመት እርጅና ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፦ 720,000 ለ6፣ ማለትም 120,000።

እሷ የሳተችው ሦስተኛውን ነበር። ትርጉሙን በቃሏ ስለያዘች ኪሳራውን ሁሉ ወደ ወጪ ወሰደችው። የድሮው ካርድ ይህን ክፍተት መቼም ቢሆን አያሳያትም ነበር።

ከዚያ ሁለት ነገር አደረግን። የምዕራፍ ስም ከካርዱ ፊት ጠፋ፣ የምዕራፎቹም ካርዶች በአንድ ላይ ተደባለቁ። አሁን የማሽን ጥያቄ ሲመጣ የእርጅና ይሁን፣ የኪሳራ ይሁን፣ ለሽያጭ የተዘጋጀ ንብረት ይሁን ራሷ መለየት አለባት። የመጀመሪያው ሳምንት ስህተቷ በዛ። ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ሥራው የከበደው አሁን ገና ስለሆነ።

አንድ ገደብ ግን አለው። ቁጥር ያለው ካርድ ሲደጋገም "180,000" የሚለው በቃል ይያዛል። መልሱ ሳትቆጥሩ ከአፋችሁ ከመጣ ቁጥሮቹን ቀይሩ፣ ወይም ጉዳዩን ገልብጡት፤ የመሸጫውን ዋጋ ከፍ አድርጉና ውሳኔው ይቀየር እንደሆነ ጠይቁ። ስምንት ጊዜ የተሳሳታችሁትን ካርድ አንኪ `leech` የሚል ምልክት ያደርግበታል። እሱን መልሶ ከመታገል ለሁለት መክፈል ወይም እንደገና መጻፍ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ካርዱ ሁለት ጥያቄ በአንዴ መያዙ ነው።

"ፈተናው ደረሰ፣ ካርዱ ግን ከፈተናው በኋላ ነው የሚመጣው"

ይህ አጭር ነው። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ካርድ አቁሙ። አንድ የሚያሰጋችሁ ካርድ "ከ45 ቀን በኋላ" የሚል ከሆነ `Browse` ውስጥ ካርዱን መርጣችሁ `Set Due Date` በሚለው አቅርቡት። ለደካሞቹ ብቻ አድርጉት፣ ሁሉንም ማቅረብ ክምሩን መልሶ ያመጣል።

በእነዚህ ሳምንታት የማታው ትልቁ ድርሻ ሰዓት ይዞ ጥያቄ መሥራት ነው። ፋይናንሺያል ሪፖርቲንግ የሚባለው ፈተና 3 ሰዓትና 100 ነጥብ ስለሆነ የ20 ነጥቡ ጥያቄ 36 ደቂቃ ነው የሚደርሰው። ሰዓቱ ሲያልቅ እስክሪብቶ አስቀምጡ፣ ከዚያ አርሙ። ስህተቱን ሁለት ቦታ ለዩት፦ ደንቡን ባለማወቅ የመጣ ከሆነ ካርድ ይሁን፤ በሰዓት ማለቅ ወይም ጥያቄውን በጥድፊያ በማንበብ የመጣ ከሆነ ግን ካርድ አያድነውም፣ ያንኑ ጥያቄ ከአራት ከአምስት ቀን በኋላ እንደገና በ36 ደቂቃ ሥሩት።