የS₃ን የካራክተር ሠንጠረዥ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሦስት ፊደላት ሲሜትሪክ ግሩፕ፣ በምልክቱ S₃፣ 6 ኤለመንቶች ብቻ ያሉት ትንሽ ግሩፕ ነው፤ የካራክተር ሠንጠረዡም ከሦስት ረድፍና ከሦስት ዓምድ አያልፍም። በዚህ ትንሽነቱ የተነሳ ብዙ ተማሪዎች ዘጠኙን ቁጥሮች በቃላቸው ይይዟቸዋል እንጂ ከየት እንደመጡ አይጠይቁም፤ ሠንጠረዡን ከባዶ ወረቀት ተነስተው እንዲሠሩ ሲታዘዙ ግን የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች ሁልጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ከዚህ በታች ስህተቶቹ የቀረቡት ሠንጠረዡ በሚሠራበት ቅደም ተከተል ነው። ሥራው ሁሉ በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ እንደሆነ ይታሰብ፤ (1 2) ሲባል 1ን እና 2ን የሚያለዋውጠው፣ (1 2 3) ሲባል ደግሞ 1ን ወደ 2፣ 2ን ወደ 3፣ 3ን ወደ 1 የሚወስደው ፐርሙቴሽን ነው።

(1 2 3)ን እና (1 3 2)ን በተለያዩ ክፍሎች ማስቀመጥ

የመጀመሪያው ሥራ ኤለመንቶቹን በኮንጁጌሲ ክፍሎች መደልደል ነው። ገለልተኛው ኤለመንት e ብቻውን አንድ ክፍል ይሆናል፤ ሦስቱ ልውውጦች (1 2)፣ (1 3) እና (2 3) በአንድ ክፍል እንደሚገቡም የሚጠራጠር የለም። ችግሩ ያለው በሁለቱ ባለ ሦስት ፊደል ዑደቶች ላይ ነው። አንዱ የሌላው ኢንቨርስ ስለሆነና ሁለቱ ከe ጋር ሆነው 3 ኤለመንቶች ያሉት፣ ቅደም ተከተሉ ቢቀየር ብዜቱ የማይለወጥ ንዑስ ግሩፕ ስለሚፈጥሩ፣ በዚያ ንዑስ ግሩፕ ውስጥ በእርግጥም ለየብቻቸው ይቆማሉ። በS₃ ውስጥ ግን ልውውጦችም አሉ። አንድን ዑደት በአንድ ፐርሙቴሽን ኮንጁጌት ማድረግ ማለት በዑደቱ ውስጥ የተጻፉትን ፊደላት በዚያ ፐርሙቴሽን መሠረት መተካት ነው፤ ስለዚህ (1 2 3) በ(1 2) ኮንጁጌት ሲደረግ (2 1 3) ይሆናል፣ ይህም (1 3 2) ራሱ ነው። ክፍሎቹ ሦስት፣ መጠናቸውም 1፣ 3 እና 2 ነው።

ይህን ስህተት የሠራ ሰው ብዙ ሳይርቅ ሊያውቀው ይችላል። የማይከፈሉ ውክልናዎች ብዛት ከክፍሎቹ ብዛት ጋር እኩል ነው፤ የዳይሜንሽኖቻቸው ስኩዌሮች ድምር ደግሞ ከግሩፑ መጠን፣ ከ6፣ ጋር እኩል መሆን አለበት። ክፍሎቹ አራት ቢሆኑ ኖሮ ድምራቸው 6 የሚሆን አራት ስኩዌሮች ባስፈለጉ ነበር። አራቱም 1 ቢሆኑ ድምሩ 4 ነው፤ አንዱን ወደ 4 ከፍ ብናደርግ ድምሩ 7 ይደርሳል፤ 6 ላይ የሚያደርስ መንገድ የለም። በሦስት ክፍል ግን 1 + 1 + 4 ብቸኛው መልስ ነው።

የ1ን ኩብ ሥር ወደ ሠንጠረዡ ማስገባት

ከላይ ያለው ስህተት ሌላ መልክ ይዞ ይመለሳል። ባለ አንድ ዳይሜንሽን ውክልና ሲፈለግ «(1 2 3) ሦስት ጊዜ ሲደጋገም e ስለሚሰጥ፣ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 1 የሚሆን ω የተባለ ኮምፕሌክስ ቁጥር ልስጠው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ የሚወድቀው ባለ አንድ ዳይሜንሽን ውክልና ለእያንዳንዱ ኤለመንት አንድ ኮምፕሌክስ ቁጥር ስለሚሰጥና ቁጥሮች ቅደም ተከተላቸው ቢቀየር ብዜታቸው ስለማይለወጥ፣ በአንድ ክፍል ያሉ ኤለመንቶች የግድ አንድ ዓይነት ዋጋ ስለሚያገኙ ነው። (1 3 2) የ(1 2 3) ስኩዌር ስለሆነ ዋጋው ω² ይሆናል፤ ከω ጋር እኩል መሆን ስላለበት ω = 1 ይሆናል። ልውውጥ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሲደጋገም e ስለሚሰጥ ዋጋው 1 ወይም −1 ነው። ስለዚህ ባለ አንድ ዳይሜንሽን ውክልናዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ለሁሉም 1 የሚሰጠው እና ለልውውጦች −1፣ ለቀሪዎቹ 1 የሚሰጠው የምልክት ውክልና።

የፐርሙቴሽን ማትሪክሶችን እንደ ሦስተኛው ረድፍ መውሰድ

በእኔ ግምት ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚሳሳተው ሰው ትክክለኛውን መነሻ ይዞ ሳለ የመጨረሻውን እርምጃ ያበላሻል። S₃ ሦስት መሠረታዊ ቬክተሮችን e₁፣ e₂ እና e₃ እንደ ፊደሎቹ ያቀያይራቸዋል፤ ከዚህም 3 በ3 የሆኑ ማትሪክሶች ይገኛሉ። የውክልናው ካራክተር የሚባለው የማትሪክሱ ትሬስ፣ ማለትም የሰያፉ ድምር፣ እዚህ ሳይነቃነቁ የቀሩትን ፊደሎች ይቆጥራል፤ ለe 3፣ ለልውውጥ 1፣ ለባለ ሦስት ፊደል ዑደት 0። አንዳንዱ ይህንን 3፣ 1፣ 0 እንዳለ ይጽፈዋል። የዳይሜንሽኖቹ ስኩዌር ድምር 1 + 1 + 9 ሆኖ ከ6 ስለሚበልጥ ይህ ወዲያው ይጋለጣል።

ሁለተኛው ዓይነት ስህተት ረቂቅ ነው። ተማሪው ሁለት ዳይሜንሽን እንደሚያስፈልገው ስላወቀ ከእያንዳንዱ ማትሪክስ ሦስተኛውን ረድፍና ሦስተኛውን ዓምድ ይሰርዝና የቀረውን 2 በ2 ማትሪክስ ትሬስ ይወስዳል። ለe 2 ያገኛል፣ ትክክል ነው። ለ(1 2) 0 ያገኛል፣ ይህም በአጋጣሚ ትክክል ነው፤ በ(1 2) ፈንታ (2 3)ን ቢወስድ ኖሮ 1 ያገኝ ነበር። ለ(1 2 3) ግን 0 ያገኛል፤ ትክክለኛው ዋጋ −1 ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ስለተሳኩ ሦስተኛውም እውነት ይመስላል።

ስህተቱ የመጣው e₁ እና e₂ የሚዘረጉት ጠለል በግሩፑ የማይጠበቅ በመሆኑ ነው፤ (1 2 3) e₂ን ወደ e₃ ይወስደዋልና ከጠለሉ ያስወጣዋል። የሚጠበቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው በe₁ + e₂ + e₃ አቅጣጫ ያለው መስመር፣ ሁለተኛው የኮኦርዲኔቶቻቸው ድምር 0 የሆነ ቬክተሮች ጠለል። በመስመሩ ላይ የሚታየው ለሁሉም 1 የሚሰጠው ውክልና ስለሆነ፣ ከ3፣ 1፣ 0 ላይ 1፣ 1፣ 1ን መቀነስ በቂ ነው፤ 2፣ 0፣ −1 ይቀራል።

ቅነሳውን ማመን የሚከብደው ሰው በጠለሉ ላይ በቀጥታ ማስላት ይችላል። u = e₁ − e₂ እና v = e₂ − e₃ ብለን እንጀምር። (1 2) uን ወደ −u፣ vን ወደ e₁ − e₃ ማለትም ወደ u + v ይወስዳል፤ በሰያፉ ላይ −1 እና 1 ስለሚቀመጡ ትሬሱ 0 ነው። (1 2 3) uን ወደ v፣ vን ደግሞ ወደ e₃ − e₁ ማለትም ወደ −u − v ይወስዳል፤ በሰያፉ ላይ 0 እና −1 ስለሚቀመጡ ትሬሱ −1 ነው። የተሟላው ሠንጠረዥ እንዲህ ይሆናል፤ በላይኛው መስመር የየክፍሉ መጠን ተጽፏል።

```
        1     3      2
        e   (1 2) (1 2 3)
χ₁      1     1      1
χ₂      1    −1      1
χ₃      2     0     −1
```

ረድፎችን ሲያወዳድሩ የክፍሉን መጠን መርሳት

የላይኛው መስመር ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። የሁለት ካራክተሮች ውስጣዊ ብዜት በ6ቱም ኤለመንቶች ላይ ተደምሮ ለ6 የሚካፈል ነው፤ ሠንጠረዡ ግን ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ዓምድ ብቻ ስላለው፣ እያንዳንዱ ዓምድ በክፍሉ መጠን መባዛት አለበት። ይህን የረሳ ሰው χ₁ን ከχ₂ ጋር ሲያባዛ 1 − 1 + 1 = 1 ያገኝና ትክክለኛውን ሠንጠረዥ እንደተሳሳተ ቆጥሮ ማረም ይጀምራል። በመጠኑ ሲባዛ 1 − 3 + 2 = 0 ይሆናል፤ χ₃ ከራሱ ጋር ሲባዛም 4 + 0 + 2 = 6 ይሰጥና ለ6 ሲካፈል 1 ይሆናል፤ ይህም χ₃ የማይከፈል መሆኑን የሚያረጋግጥ ፈተና ነው።

ይኸው ፈተና ከላይ ያየናቸውን ስህተቶችም ያጋልጣል። 3፣ 1፣ 0 ከራሱ ጋር ሲባዛ 9 + 3 + 0 = 12 ስለሚሰጥ ለ6 ሲካፈል 2 ይሆናል፤ 2 መሆኑ የሁለት የተለያዩ የማይከፈሉ ውክልናዎች ድምር መሆኑን ይነግረናል። ረድፍና ዓምድ በመሰረዝ የተገኘው 2፣ 0፣ 0 ደግሞ 4/6 ይሰጣል፤ ሙሉ ቁጥር ስላልሆነ የማንም ውክልና ካራክተር ሊሆን አይችልም።

ዓምዶችን ከዓምዶች ጋር ስናወዳድር ግን በክፍሉ መጠን ማባዛት የለም፤ እዚህም መጠኑን ማስገባት የተገላቢጦሽ ስህተት ነው። የአንድ ዓምድ ቁጥሮች ስኩዌር ድምር 6 ለክፍሉ መጠን ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ለe 1 + 1 + 4 = 6፣ ለልውውጦቹ 1 + 1 + 0 = 2፣ ለዑደቶቹ 1 + 1 + 1 = 3። ሁለት የተለያዩ ዓምዶች ደግሞ እንዳሉ ተባዝተው ሲደመሩ 0 ይሰጣሉ።

የካራክተርን ዋጋ እንደ ውክልናው ራሱ ማየት

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ካራክተሩና ውክልናው አንድ ስለሆኑ፣ የብዜት ካራክተር የካራክተሮች ብዜት ነው የሚል ልማድ ይፈጠራል። በሦስተኛው ረድፍ ይህ አይሠራም። (1 2) ከራሱ ጋር ሲባዛ e ይሰጣል፤ የχ₃ ዋጋዎች ግን ሲባዙ 0 በ0 ሆነው 0 ይሰጣሉ እንጂ የe ዋጋ የሆነውን 2 አይሰጡም። 0 የሆነው ትሬሱ ነው፤ ማትሪክሱ በአንድ አቅጣጫ 1፣ በሌላ አቅጣጫ −1 ያለው ነጸብራቅ ስለሆነ ከዜሮ በጣም የራቀ ነው። ይህ 0 ከሌላ ወገንም ይጠበቃል፤ χ₃ በχ₂ ሲባዛ የሚገኘው እንደገና የማይከፈል ባለ ሁለት ዳይሜንሽን ካራክተር ነው፣ እንዲህ ያለው ደግሞ አንድ ብቻ ስለሆነ ራሱ χ₃ መሆን አለበት፤ በልውውጦቹ ላይ ከራሱ አሉታዊ ጋር እኩል የሆነ ቁጥር 0 ብቻ ነው።

ሠንጠረዡን ከቦታው አውጥቶ መጠቀም

ከላይ ያለው ሁሉ ለ6 ማካፈል በመቻሉ ላይ ያረፈ ነው። 3 ከ0 ጋር እኩል በሚሆንበት የቁጥር ሥርዓት ውስጥ የe₁ + e₂ + e₃ ኮኦርዲኔቶች ድምር ራሱ 0 ስለሚሆን፣ መስመሩ በጠለሉ ውስጥ ይወድቃል፤ ሦስቱን ዳይሜንሽን በመስመርና በጠለል መክፈልም አይቻልም። 2 ከ0 ጋር እኩል በሚሆንበት ደግሞ −1 እና 1 አንድ ስለሆኑ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች አይለያዩም።