የሚንሳፈፍ እንጨትና የሚጠብ ቱቦ፦ መልሱ አልመጣ ሲል ስህተቱን የት እንፈልገው?

ስለ ፈሳሾች ሲጠየቅ ደጋግሞ የሚመጣ ባለ ሁለት ክፍል ጥያቄ አለ። መጀመሪያ እንጨት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ምን ያህሉ ውሃ ውስጥ እንደገባ አስሉ ይላል። ቀጥሎ ውሃ እየጠበበ በሚሄድ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ፍጥነቱንና የግፊቱን ልዩነት አውጡ ይላል። ተማሪዎችን ሳስጠና ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አርሜያለሁ። የሚሳሳቱበት ቦታ ሁሌም ያው ነው። ስለዚህ ከምልክቱ ተነስተን ወደ ምክንያቱ እንሂድ።

የምንሠራበት ጥያቄ ይህ ነው። ጎንና ጎኑ 20 ሴ.ሜ፣ ውፍረቱ 10 ሴ.ሜ የሆነ እንጨት ውሃ ላይ በጠፍጣፋው ተኝቶ ይንሳፈፋል። የእንጨቱ እፍግታ 650 ኪ.ግ በሜትር ኩብ፣ የውሃው 1000 ነው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ውሃ በአግድም በተዘረጋ ቱቦ በ1.5 ሜትር በሰከንድ ይፈስሳል። የቱቦው ዲያሜትር ከ4 ሴ.ሜ ወደ 2 ሴ.ሜ ይጠብባል።

ምልክት፦ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከእንጨቱ ክብደት በለጠ

ክብደቱ 25.5 ኒውተን ይወጣል። ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ደግሞ 39.2 ኒውተን። ተማሪው ሁለቱን ቁጥሮች እያየ ግራ ይገባዋል። ጸጥ ብሎ የሚንሳፈፍ ነገር ላይ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸውና።

ምክንያቱ አንድ ነው። የእንጨቱን ሙሉ ይዘት፣ 0.004 ሜትር ኩብ፣ ቀመሩ ውስጥ አስገብቷል። አርኪሜደስ ያለው ግን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ነገሩ ቦታውን ካስለቀቀው ውሃ ክብደት ጋር እኩል ነው ነው። ከውሃው በላይ የቀረው የእንጨት ክፍል ምንም ውሃ አላስለቀቀም። 39.2 ኒውተን የሌላ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው፦ እንጨቱን በእጃችን ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ደፍቀን ብንይዘው ኖሮ የሚገፋን ኃይል። እጃችንን ብንለቅ እንጨቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚቆመውም ኃይሉ ወደ 25.5 ሲወርድ ነው።

መፍትሄው ከቀመር በፊት ሥዕል ነው። እንጨቱን ሣሉ፣ የውሃውን መስመር አስምሩ፣ ከመስመሩ በታች ያለውን ጥልቀት h በሉት። ከዚያ፦

```
650 × 0.20 × 0.20 × 0.10 × g = 1000 × 0.20 × 0.20 × h × g
h = 0.065 m
```

6.5 ሴ.ሜ ውሃ ውስጥ፣ 3.5 ሴ.ሜ ከላይ። g በሁለቱም በኩል ስላለ ይሰረዛል፤ የጎኖቹም ልክ እንዲሁ። የቀረው 650 ለ1000 ብቻ ነው። መልሳችሁ ከዚህ ንጽጽር ጋር ካልገጠመ ስሌቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሾልኳል ማለት ነው። 3.5ን የጻፈ ተማሪ ካለ ደግሞ ስሌቱ ልክ ሆኖ ጥያቄውን በደንብ አላነበበም፤ የተጠየቀው የገባው ነው ወይስ የቀረው?

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ይህ ኃይል ከየት መጣ? ከእንጨቱ ሥር፣ 6.5 ሴ.ሜ ጥልቀት ላይ፣ ውሃው ከአየሩ ግፊት በላይ የሚጨምረው ግፊት 1000 × 9.8 × 0.065 ነው፤ 637 ፓስካል። የእንጨቱ የታች ፊት ስፋት 0.04 ሜትር ካሬ ነው። ሁለቱን አባዙ፦ 25.5 ኒውተን። ልክ የእንጨቱ ክብደት! ከታች ያለው ግፊት ከላይ ካለው ስለበለጠ ብቻ እንጨቱ ተንሳፈፈ። የግፊት ልዩነት ይገፋል። ቱቦው ላይ ስንደርስ ይህችው ሐሳብ ታወጣናለች።

ጥያቄው «ላዩ ከውሃው ጋር እኩል እስኪሆን ምን ያህል ጭነት እንጨምር?» ብሎ ከቀጠለ የቀረውን 3.5 ሴ.ሜ ብቻ እዩ። ይዘቱ 0.0014 ሜትር ኩብ ነው። ያን ያህል ውሃ 1.4 ኪሎ ይመዝናል፤ ጭነቱም 1.4 ኪሎ። የታንኩ ጥልቀት የትም ቦታ አይገባም፤ ቢሰጣችሁም ተዉት።

ምልክት፦ ፍጥነቱ 3 ሜትር በሰከንድ ወጣ

ወደ ቱቦው እንለፍ። «ቱቦው በግማሽ ጠበበ፣ ስለዚህ ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ።» አባባሉ ለጆሮ ልክ ይመስላል። ግማሽ የሆነው ግን ዲያሜትሩ ነው። ውሃው የሚያልፍበት የክቡ ስፋት ነው፤ ስፋት ደግሞ በዲያሜትሩ ካሬ ይቀንሳል። ግማሽ በግማሽ ሩብ ነው። በየሰከንዱ የገባው ውሃ በሙሉ በሩብ ስፋት ማለፍ ስላለበት አራት እጥፍ መፍጠን አለበት፦

```
v2 = v1 × (d1/d2)² = 1.5 × (4/2)² = 6 m/s
```

ፓይን ማስገባት፣ ሴንቲሜትሩን ወደ ሜትር መቀየር አያስፈልግም፤ በንጽጽሩ ውስጥ ይጣፋሉ። ይህን ስህተት ቀድሞ መያዝ ያዋጣል። 3ን ይዞ የቀጠለ ሰው የግፊት ልዩነቱ 3.4 ኪሎ ፓስካል ይወጣለታል። ትክክለኛው ከዚያ አምስት እጥፍ ነው።

ምልክት፦ በጠባቡ ቦታ ግፊቱ ጨመረ

በጣም ሥር የሰደደው ስህተት ይህ ነው። ጎበዝ ተማሪዎችም ይወድቁበታል። ቁጥሩን በትክክል አውጥተው መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ጠባቡ ቦታ ላይ ግፊቱ በ16.9 ኪሎ ፓስካል ይበልጣል» ብለው ይጽፋሉ። ምክንያታቸውን ስትጠይቋቸው «ውሃው ይጨናነቃላ!» ይላሉ።

ውሃ ግን እንደ ሰው ሰልፍ አይጨናነቅም። እፍግታው አይለወጥም። ያለችው አማራጭ መፍጠን ብቻ ናት። አሁን ቱቦው መጥበብ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ያለች አንዲት የውሃ ቁራጭ በዓይነ ኅሊናችሁ ያዙ። ስትገባ 1.5 ነበረች፤ ስትወጣ 6 ሆናለች። ፍጥነት የጨመረ ነገር ወደፊት የገፋው ኃይል አለ። ማን ገፋት? ከኋላዋ ያለው ውሃ ወደፊት ይገፋታል፣ ከፊቷ ያለው ወደ ኋላ። ወደፊት የሚገፋው እንዲያሸንፍ ከኋላ ያለው ግፊት መብለጥ አለበት። ኋላዋ ሰፊው ነው፤ ፊቷ ጠባቡ። ስለዚህ ጠባቡ ቦታ ላይ ግፊቱ ያነሰ ነው። እንጨቱን ከታች ወደ ላይ የገፋው የግፊት ልዩነት እዚህ ውሃዋን ከኋላ ወደፊት ገፋት።

«ታዲያ የጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ ጣቴን ስጭን ለምን ግፊቱ ይበረታብኛል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጣታችሁ የሚሰማው ከጣታችሁ ኋላ፣ ጎማው ውስጥ ያለውን ውሃ ነው። ፍሰቱን ስላነቃችሁት እዚያ በእርግጥም ጨምሯል። በቀዳዳዋ አምልጦ የሚረጨው ፈጣን ውሃ ግን ግፊቱ የአካባቢው አየር ግፊት ብቻ ነው። እዚህም ፈጣኑ ዝቅተኛ ግፊት አለው።

ምልክት፦ የግፊት ልዩነቱ 10.1 ኪሎ ፓስካል ወጣ

ቱቦው አግድም ስለሆነ የከፍታው ክፍል በሁለቱም በኩል እኩል ነው፤ ግፊትን፣ ፍጥነትንና ከፍታን ከሚያያይዘው ከቤርኑሊ ቀመር ይወጣል። የሚቀረው፦

```
P1 − P2 = ½ × 1000 × (6² − 1.5²) = 16 875 Pa
```

10.1 የወጣለት ሰው መጀመሪያ 6 − 1.5 ብሎ 4.5ን ካሬ አድርጓል። እያንዳንዱን ፍጥነት ለየብቻ ካሬ አድርጋችሁ ከዚያ ቀንሱ። ልዩነቱ 16.9 ኪሎ ፓስካል ግድም ነው።

ጥያቄው ተገልብጦ ግፊቱን ሰጥቶ ፍጥነቱን ሲጠይቅ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፦ አንድ ቀመር፣ ሁለት ያልታወቁ ፍጥነቶች፤ ተማሪው እዚያው ይቆማል። ቀድማችሁ v2ን በ4 v1 ተኩት። ቅንፉ 15 v1² ይሆናል፤ አንድ ያልታወቀ ብቻ ይቀራል። 16 875ን አስገቡና 1.5 ሲመለስላችሁ እዩ።

ምልክት፦ የጠባቡ ግፊት ከዜሮ በታች ሆነ

ፍጥነቱን ወደ 4 ሜትር በሰከንድ እናሳድገው። ጠባቡ ላይ 16 ይሆናል፤ የግፊት ልዩነቱም 120 ኪሎ ፓስካል። የመግቢያው ግፊት 110 ቢሆን የጠባቡ −10 ሆነ። ተሳሳትን?

መጀመሪያ 110 ከምን ተነስቶ እንደተለካ ጠይቁ። ጌጅ ያነበበው ከሆነ፣ ማለትም ከአየሩ ግፊት በላይ ያለው ብቻ ከሆነ፣ −10 ማለት ከአየሩ ግፊት በ10 ያነሰ ነው፤ 91 ኪሎ ፓስካል ግድም፤ ችግር የለውም። የአየሩንም ጨምሮ ከባዶ ከተለካ ግን መልሱ ሊሆን አይችልም። ስሌታችሁ ልክ ነው፤ የማይሠራው ቀመሩ ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ውሃ ግፊቱ ወደ 2.3 ኪሎ ፓስካል ሲወርድ ሳይሞቅ መፍላት ይጀምራል። ቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋዎቹ ግፊቱ ወደሚመለስበት ሲደርሱ ወደ ውስጥ ተጨፍልቀው ይጠፋሉ፤ ጠጠር የሚያልፍ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ውሃው አረፋ ሲቀላቀልበት «እፍግታው አይለወጥም» ያልነው ፈረሰ። ያኔ ወይ ፍጥነቱን መቀነስ ነው፣ ወይ የመግቢያውን ግፊት ከፍ ማድረግ።

ምልክት፦ ስሌቱና ልኬቱ አልተገጣጠሙም

ላብራቶሪ ውስጥ ይህ ይመጣል። ፍጥነቱን ወደ 0.5 ብታወርዱት ጠባቡ ላይ 2 ይሆናል፤ የግፊት ልዩነቱ 1875 ፓስካል። ፍጥነቱ ከ1.5 በሦስት እጥፍ ሲያንስ የግፊት ልዩነቱ በዘጠኝ እጥፍ አነሰ። ሰፊውና ጠባቡ ላይ ቀጥ ያሉ ክፍት የመስታወት ቱቦዎች ብትተክሉ፣ የጠባቡ ውሃ ከሰፊው በ19 ሴ.ሜ ዝቅ ብሎ መቆም አለበት።

ከ19 በጥቂቱ በልጦ 20 ወይም 21 ካነበባችሁ ፍትጊያ ነው፤ ቤርኑሊ ፍትጊያን አይቆጥርም። ከ19 በጣም ካነሰ መጀመሪያ መስታወቶቹ ውስጥ የአየር አረፋ እንዳለ እዩ፤ ከዚያ የፍሰቱን መጠን በባልዲና በሰዓት እንደገና ለኩ። 0.63 ሊትር በሰከንድ መሆን አለበት። ፍትጊያው ስንት እንደበላ ለማወቅ ቱቦው ተመልሶ 4 ሴ.ሜ በሚሰፋበት ቦታ ሦስተኛ መስታወት ትከሉ። ፍትጊያ ባይኖር ውሃው እንደ መጀመሪያው ከፍታ ይመለስ ነበር። ከዚያ የጎደለው ሴንቲሜትር በመንገድ ላይ የጠፋው ነው።