ለአዲስ ደንበኛ የኦዲት ስምምነት ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

ከዓመታት በፊት የሕንፃ መሣሪያ ከሚያስመጣ አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ጋር ስስማማ በደብዳቤዬ ላይ «የድርጅቱን ሂሳብ ሠርተን ሪፖርት እናቀርባለን» ብዬ ጻፍኩ። መስከረም ላይ ሥራ ልንጀምር ስንሄድ የሂሳብ ሠራተኛዋ ደረሰኝ የታጨቀባቸው ሦስት ካርቶኖች አሳየችንና «ይኸው፣ አመቱን ሙሉ ሰብስቤ ጠብቄላችኋለሁ» አለች። ደንበኛው አልዋሸም። ሂሳብ እንሠራለን ያልኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 30 የግብር ማሳወቂያው ቀነ ገደብ ስለነበር መዝገቡን ራሳችን ሠራን። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሠርተን ስንጨርስ ደግሞ ራሳችን ያዘጋጀነውን ሂሳብ ራሳችን መርምረን ነፃ ነን ብለን መፈረም እንደማንችል ግልጽ ሆነ። ኦዲቱን ለሌላ ድርጅት ለቀቅን፤ ደንበኛውም ቀነ ገደቡ አለፈው። ስለዚህ ከዚህ በታች ረጅሙ ክፍል ስለ ኃላፊነት ነው።

መጀመሪያ ከመጻፍዎ በፊት የቀድሞውን ኦዲተር በደንበኛው ፈቃድ ያነጋግሩ። ደንበኛው ፈቃድ ከከለከለ ምክንያቱን ሳያውቁ አይቀጥሉ። የሹመት ቃለ ጉባኤውንም ይጠይቁ።

ቀጥሎ የሥራውን ወሰን ይጻፉ። የትኛው ዓመት እንደሚመረመር (ለምሳሌ ሰኔ 30 ቀን 2017 የተጠናቀቀው በጀት ዓመት)፣ የሂሳብ መግለጫው በየትኛው ደረጃ እንደሚዘጋጅ፣ ምርመራው በዓለም አቀፍ የኦዲት ደረጃዎች መሠረት እንደሚካሄድ፣ ሪፖርቱ ለማን እንደሚቀርብ። ኦዲቱ ምክንያታዊ ማረጋገጫ እንጂ ፍጹም ዋስትና እንደማይሰጥ፣ ማጭበርበርን ሁሉ እንደማያወጣም እዚሁ ይግለጹ።

አሁን ወደ ኃላፊነት እንምጣ። በአማርኛ «ሂሳብ መሥራት» መዝገብ መያዝም፣ መግለጫ ማዘጋጀትም፣ መመርመርም ሊሆን ይችላል። በደብዳቤው ውስጥ ይህን ግሥ ጨርሶ አይጠቀሙ። ለደንበኛው «ያዘጋጃል»፣ ለኦዲተሩ «ይመረምራል» እና «አስተያየት ይሰጣል» ይበሉ። ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ 210 የድርጅቱ ሥራ አመራር ሦስት ነገሮችን መቀበሉን እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል፦ የሂሳብ መግለጫውን የማዘጋጀት፣ ለዚህ የሚያስፈልገውን የውስጥ ቁጥጥር የመዘርጋት፣ ለኦዲተሩም መረጃና ሰዎችን ያለ ገደብ የማቅረብ ኃላፊነት። ይህን የማይቀበል ደንበኛ፣ ሕግ ካላስገደደዎት በቀር፣ ሥራው አይወሰድም።

ሦስቱን ጠቅልሎ መጻፍ ግን አይበቃም። «ድርጅቱ አስፈላጊ ሰነዶችን ያቀርባል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አያስገድድም። እኔ አሁን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ድርጅቱ የተዘጋ ትራያል ባላንስ፣ የሂሳብ መግለጫ ረቂቅ እና የእያንዳንዱን ባንክ ማስታረቂያ እስከ ነሐሴ 15 ያስረክባል። ከዚህ ቀን የዘገየ እንደሆነ ሪፖርቱ የሚወጣበት ቀን በዘገየው ልክ ይገፋል።» ዕቃ ያለው ደንበኛ ከሆነ የሰኔ 30ውን ቆጠራ ኦዲተሩ እንዲከታተል የሚል አንቀጽ ይጨምሩ፤ ይህ የሚጠቅመው ግን ደብዳቤው ከሰኔ 30 በፊት ከተፈረመ ብቻ ነው። ቆጠራው ካለፈና በሌላ መንገድ ዕቃውን ማረጋገጥ ካልተቻለ አስተያየቱ ላይ ገደብ ይመጣል።

ክፍያውን ከሰዓት ተነሥተው ያስሉ። ለምሳሌ ኃላፊው 15 ሰዓት በ2,000 ብር፣ ዋናው ኦዲተር 60 ሰዓት በ800 ብር፣ ሁለት ረዳቶች በድምሩ 140 ሰዓት በ300 ብር ቢሠሩ 30,000፣ 48,000 እና 42,000 ብር፣ በአጠቃላይ 120,000 ብር ይሆናል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር 138,000። ታክሱን ለብቻው ያሳዩ፤ «ዋጋው ታክስን ይጨምራል ብለን ነበር» የሚለው ክርክር የሚነሣው ባልተለየ ቁጥር ላይ ነው። ከፊሉን በፊርማ፣ ከፊሉን ረቂቅ ሪፖርት ሲቀርብ፣ ቀሪውን በመጨረሻ ያድርጉት። ክፍያውን ከአስተያየቱ ይዘት ጋር ማያያዝ የተከለከለ ነው። መዝገቡ ካልተዘጋ የሚፈጀው ተጨማሪ ሰዓት በስንት እንደሚሰላም ይጻፉ፤ ነገር ግን ያ ሰዓት መዝገብ ለመያዝ እንደማይውል አብረው ይግለጹ።

ከኢንተርኔት የተወሰደ የእንግሊዝኛ ናሙና ተርጉሞ መላክ የተለመደ አቋራጭ ነው። አልመክረውም፤ ሥራ አስኪያጁ ያልገባውን ይፈርምና በኋላ አልተስማማሁም ይላል። እኔ የኃላፊነቱን ክፍል ከሥራ አስኪያጁና ከሂሳብ ሠራተኛው ጋር አብረን እናነብበዋለን። ሠራተኛው «መግለጫውን ማን ነው የሚያዘጋጀው?» ብሎ ከጠየቀ ገና አልተስማማንም።

ሁለት ቅጂ ይፈረም፣ ማኅተም ይደረግበት፣ አንዱ በእርስዎ ፋይል ይቀመጥ። በሚቀጥለው ዓመት ባለቤቱ፣ ሥራ አመራሩ ወይም የሥራው ስፋት ከተለወጠ ደብዳቤውን እንደ አዲስ ይጻፉ።